ከጉልበት ሥር የገባችው ትራስ

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተቀይሮላት በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ስናመጣት አልጋዋን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ትራስ ከራስጌዋ፣ አንዲት ለስላሳ ትራስ ደግሞ ከተቀየረው ጉልበቷ ሥር አደረግሁላት። ጉልበቷ በትንሹ ታጥፎ ትራሷ ላይ ሲያርፍ ፊቷ ፈታ አለ፤ «ተመስገን» አለች። እኔም ደስ አለኝ። ከሆስፒታል ስንወጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የእንቅስቃሴ ሥዕሎች ያሉበት ወረቀት ሰጥተውን ነበር። ቁጭ ብሎ ያስረዳን ሰው ግን አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን ቤት ድረስ የመጣው ፊዚዮቴራፒስት ጋቢውን ገለጥ ሲያደርግ መጀመሪያ ያየው ትራሷን ነው።

«እማማ፣ ይቺ ትራስ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ትነሳለች» አላት።

«ልጄ፣ እሷ ስትኖር እኮ ነው ሕመሙ ፋታ የሚሰጠኝ።»

«አውቃለሁ እማማ። ችግሩም እሱ ነው።»

ነገሩን ሲያስረዳን እንዲህ ነበር። ከቀዶ ጥገና በኋላ መገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽና ደም ይጠራቀማል። ጉልበት በትንሹ ሲታጠፍ ያ ፈሳሽ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚያገኝ ውጥረቱ ይቀንሳል፤ ሕመምተኛውም እፎይ ይላል። ይሁን እንጂ በእነዚያው ሳምንታት ቁስሉ ከውስጥ እየጠገገ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው ደግሞ ጉልበቱ በቆየበት አቀማመጥ እየጠነከረ ይሄዳል። ቀንና ሌሊት ታጥፎ የከረመ ጉልበት ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ያቅተዋል። ያልተዘረጋ ጉልበት ያለው ሰው ሲቆም የጭኑ ጡንቻ አያርፍም፤ ሲራመድ ያነክሳል፤ ውሎ አድሮ ወገቡንም ያመዋል። መታጠፍ ከወራት በኋላም በልምምድ ሊጨምር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያመለጠን መዘርጋት በኋላ ማስመለስ ግን እጅግ ይከብዳል።

በመለኪያው ሲለካት የእናቴ እግር ሙሉ በሙሉ ለመዘርጋት 12 ዲግሪ ይጎድለው ነበር፤ ሲታጠፍም 60 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ሥራው ከዚያ ተጀመረ።

ትራሷን አንስቶ ፎጣ ጠቀለለና ከተረከዟ ሥር አደረገው። ጉልበቷ ከሥሩ ምንም ሳይደግፈው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ 5 ደቂቃ፣ ስትለምደው 10 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ቀጥሎ የጭኗን ጡንቻ አጥብቃ የጉልበቷን ጀርባ ወደ ፍራሹ እየተጫነች እስከ 5 ትቆጥራለች፤ ይህን 10 ጊዜ ትደግማለች። ለመታጠፍ ደግሞ ከተረከዟ ሥር ፌስታል አነጠፈላት፤ እግሯ ያለ ችግር እንዲንሸራተት ነው። ነጠላዋን በውስጥ እግሯ ዙሪያ አዙራ ሁለቱን ጫፍ በእጇ ይዛ ተረከዟን ቀስ እያለች ወደ መቀመጫዋ ትስባለች። በነቃችበት ሰዓት ሁሉ ደግሞ ቁርጭምጭሚቷን ወደ ላይና ወደ ታች ታንቀሳቅሳለች፤ ደም በባቷ ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል። የታዘዘላትን ማስታገሻ ልምምዱ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀድማ እንድትወስድ መከራት። ሕመም ፈርቶ የማይንቀሳቀስ ሰው በኋላ የባሰ ሕመም ይጠብቀዋልና።

እብጠቱን ለመቀነስ እግሯን ከልቧ ከፍ አድርገን እናስተኛታለን። ያን ጊዜም ትራሱ ከባቷና ከተረከዟ ሥር ይሆናል፤ ጉልበቱ እንደተዘረጋ ይቆያል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለን ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ጉልበቷ ላይ እናደርጋለን።

በ12ኛው ቀን የተሻላት መስሏት በዎከር እየተደገፈች ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ቅዳሴውንም ቆማ አስቀደሰች። በማግስቱ ጉልበቷ ቆዳው እስኪያብረቀርቅ አብጦ፣ ከ80 ዲግሪ በላይ የታጠፈው እግር 70 ላይ ቆመ። ፊዚዮቴራፒስቱ አልተቆጣትም። መለኪያ ነገራት፦ «የዛሬ ሥራዎ ልክ መሆኑን የሚነግርዎ የነገ ጠዋት ነው። ከትናንቱ የበለጠ ካበጠ ሥራውን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ።» ሁለት ቀን ቀነሰች፤ እብጠቱም ወረደ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ዘመዳችን ወጌሻ ጠርታ እግሯ ይታሽ አለች። በቅን ልቦና ነው፤ ነገር ግን አደገኛ ነው። ባት ውስጥ የረጋ ደም ካለ መታሸት ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ቁስሉ ያልዳነ ጉልበትም በኃይል አይታጠፍም። እኛ ቤተሰቦች ማሸቱን ትተን ምልክት መጠበቅ ነበረብን፦ ባት ላይ አዲስ ሕመምና እብጠት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም መግል፣ ትኩሳት። እነዚህ ሲታዩ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከመጣ ለአንዲት ደቂቃም አይዘገይም።

ሌሎች ብዙ የሚያስደነግጡ ነገሮች ግን የተለመዱ ናቸው። የበለዘው ቆዳ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ከጠባሳው በውጭ በኩል ያለው ቆዳ ይደነዝዛል። ጉልበቱ ለወራት ሞቅ ይላል፤ ሲንቀሳቀስም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ከሁሉ የከበደን ሌሊቱ ነበር። እናቴ አምስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልጠገበችም፤ «ባልተቀየረልኝ ይሻል ነበር» ያለችባቸው ሌሊቶች አሉ። ይህ የብዙዎች ልምድ መሆኑን አስቀድሞ የነገረን ቢኖር ኖሮ ያን ያህል ባልፈራን ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የሚጎድላት 5 ዲግሪ ነበር፤ መታጠፉም 85 ደርሷል። በስድስተኛው ሳምንት እግሯ ሙሉ በሙሉ ተዘረጋ፤ 105 ዲግሪም ታጠፈ። ከወንበር ለመነሳትና ደረጃ ለመውጣት ይበቃታል። ዎከሩን ትታ ከዘራ ይዛለች፤ ከዘራውንም በደህናው እግር በኩል፣ በግራ እጇ። ደረጃ ስትወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ስትወርድ የተቀየረው።

በዚያው ሳምንት ሐኪሟን «ልሰግድበት እችላለሁ?» ብላ ጠየቀችው። «ይራመዳሉ፤ ሕመሙም ይቀንሳል። መንበርከክን አንዳንዶች ከወራት በኋላ ለስላሳ ነገር ላይ ይችሉታል፤ ብዙዎች ግን አይመቻቸውም። ቁጢጥ ማለቱን ይተዉት» አላት። ለመልመድ ጊዜ ወሰደባት። በርጩማዋን ለልጆች ሰጥታ አሁን ቡናዋን የምታፈላው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። አዲስ ጉልበት የ20 ዓመት ልጅ ጉልበት አይደለም፤ ሙሉ ውጤቱም እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል።

አንባቢዬ ሆይ፣ ጉልበቱ የተቀየረለት አባት ወይም እናት ልትጠይቅ ስትሄድ «አይዞህ፣ ተኝተህ እረፍ» ከማለትህ በፊት ጋቢውን ገለጥ አድርገህ እይ። ከጉልበቱ ሥር ትራስ ካለ አውጣት፤ ፎጣ ጠቅልለህም ከተረከዙ ሥር አድርግለት።