የግድግዳ ጽሑፍ በፎቶ ላይ ሲቀየር

ለዛሬ የኮምፒውተር ዓምዳችን አንድ ሥራ ይዘን ቀርበናል። ለግንባታ ብቻ የሚውል ውኃ በተጠራቀመበት ገንዳ ግድግዳ ላይ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ «አይጠጣም» ተብሎ ተጽፏል። ከሁለቱም ቋንቋ አንዱን እንኳ የማያነቡ እናቶችና ልጆች ግን እዚያው ይቀዳሉ። «በአማርኛም ይጻፍልን» ለማለት፣ ቀለም ሳይገዛ በፊት ምን እንደሚመስል ለኮሚቴው በፎቶ ማሳየት ይበጃል። ታዲያ በፎቶው ላይ አማርኛውን ስናስገባ ፊደሉ ግድግዳው ላይ የተቀባ ሳይሆን አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ለምን?

ፎቶው የተነሳው ከጎን ነው። ግድግዳው 7 ሜትር ይረዝማል፣ ቁመቱ 2 ሜትር ነው። በፎቶው ላይ ግን የቅርቡ የግራ ጠርዝ 600 ፒክስል ሲሆን የሩቁ የቀኝ ጠርዝ 300 ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል 1200 ፒክስል አለ። የግድግዳው እኩሌታ የት ላይ ይውላል ብንል ብዙዎቻችን «600 ላይ» እንላለን። አይደለም። ከአራቱ ማዕዘኖች ሁለት ሰያፍ መሥመሮች ብናሰምር የሚገናኙት ከግራ ጠርዝ 800 ፒክስል ላይ ነው። እውነተኛው እኩሌታ ይኸው ነው። የቅርቡ 3 ሜትር ተኩል 800 ፒክስል ሲወስድ፣ የሩቁ 3 ሜትር ተኩል 400 ብቻ ይደርሰዋል። እንግዲህ ጽሑፉን ማዘንበል ብቻውን አይበቃም፤ ፊደሉ ወደ ሩቅ ሲሄድ ቁመቱም ስፋቱም፣ በመካከሉ ያለው ክፍተትም አብሮ መጥበብ አለበት።

ሥራውን GIMP በተባለው ነጻ ፕሮግራም እንሥራው። መጀመሪያ ግድግዳውን በሜትር እንለካ፤ ከጎን የተነሳ ፎቶ የርዝመቱንና የቁመቱን ምጣኔ በቀላሉ አይነግረንምና። ለ1 ሜትር 300 ፒክስል ብንሰጥ፣ 2100 በ600 የሆነ አዲስ ባዶ ገጽ ይወጣናል። በእሱ ላይ «ይህ ውኃ አይጠጣም» ብለን ቀጥ አድርገን እንጽፋለን። «ይህ ውኃ» በግራው እኩሌታ፣ «አይጠጣም» በቀኙ ይሁን፤ ዳር ዳሩንም ባዶ እንተው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፕሮግራሙ የጽሑፉን ሳጥን የሚይዘው ልክ በፊደሉ ዙሪያ ነው። ያንን ሳጥን ወደ ግድግዳው ማዕዘኖች ብንጎትተው ፊደሉ ተለጥጦ ግድግዳውን ይሞላዋል፣ ዳሩም ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድመን Layer to Image Size የሚለውን እንጫን፤ ሳጥኑ የገጹን ሙሉ ስፋት ይይዛል።

ከዚያ በፎቶው ላይ የነበረውን የድሮ ጽሑፍ በግድግዳው ቀለም እንሸፍን። አዲሱን ጽሑፍ እንደ ሌላ ሌየር በፎቶው ላይ እናምጣና Perspective የሚለውን መሣሪያ እንምረጥ። አራቱን እጀታዎች አንድ በአንድ እየጎተትን በግድግዳው አራት ማዕዘኖች ላይ እናሳርፍና Transform እንበል። ካልገጠመ በላዩ ላይ ደግመን አንጎትት፤ በየጊዜው ፊደሉ ይደበዝዛል። Undo ብለን ከቀጥተኛው ጽሑፍ መጀመር ይሻላል። ቀለሙ ጠቆር ያለ ከሆነ የሌየሩን ሁኔታ Multiply ብናደርገው የግድግዳው ሻካራነት በፊደሉ ውስጥ ይታያል።

መግጠሙን በምን እናውቃለን? ሰያፎቹን እንደገና እናስምር። በ«ውኃ» እና በ«አይጠጣም» መካከል ያለው ክፍተት መገናኛቸው ላይ ከዋለ ልክ ነው። ወደ 600 ከተጠጋ ግን ጽሑፉ ዘንብሏል እንጂ ወደ ርቀት አልሄደም ማለት ነው።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ለጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ነው። የግድግዳው ጠርዝ ራሱ በፎቶው ላይ መሐሉ ጎበጥ ካለ፣ የሌንሱ ጉብጠት ነውና አስቀድሞ በLens Distortion ይቃና። ክብ ጋን ወይም ነፋስ ያረገበው ሸራ ከሆነ ደግሞ አራት ማዕዘን ብቻውን አይበቃም። በቀጥተኛው ገጽ ላይ Curve Bend በሚለው ጽሑፉን እንደ ገጹ አጉብጠን፣ ቀጥሎ ነው ወደ ፎቶው የምናስገባው።

ፎቶውን ለሰው ስናሳይ «ገና ያልተቀባ፣ የታሰበ» ብለን እንጻፍበት፤ አለበለዚያ ያየው ሁሉ ሥራው አልቋል ብሎ ይተወዋል። ቀጥተኛውን ገጽ ደግሞ አንጣለው። በየ300 ፒክስሉ መሥመር ብናሰምርበት እያንዳንዱ ካሬ በግድግዳው ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር ይሆናል፤ አማርኛ የማያነብ ሠዓሊ እንኳ ፊደሉን በየካሬው እያየ መቅዳት ይችላል። እስከዚያው ልጆቻችንን ከገንዳው እንከልክል።