«ተወለድሁ» ወይስ «ተወለዱ»?

ባለፈው ቁጥር ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጡ ተማሪዎች የጻፏቸውን ድርሰቶች ባንድነት ስናሰናዳ፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ ስለ ራሱ ሦስት አራት መስመር ጽፎ እንዲያመጣ ጠይቀን ነበር። ዘጠኝ ወረቀት መጣልን። አራቱ «ተወለድሁ» ይላሉ፤ ሦስቱ «ተወለደ» ይላሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ «ተወለዱ» ይላሉ። በድርሰቶቹ ላይ ያልተነሣ ክርክር በነዚህ መስመሮች ላይ ተነሣ። አንዱ «ሁሉም ወደ እኔ ይለወጥ» ሲል፣ ሌላው «ሁሉም ወደ እሱ ይለወጥ» ሲል አንድ ሙሉ ማታ አለፈ። በመጨረሻም ጊዜ ስላጠረን እንደ መጡ አባዝተን አወጣናቸው። ገጹን ያየ ሁሉ የሳቀው በትክክል ነው። አሁን ግን ነገሩን ረጋ ብለን ስላሰብንበት አስተያየታችንን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ያሣቀን የአንድ የስማዳ ጓደኛችን ጽሑፍ ነበር። «ጸሐፊው በስማዳ ወረዳ በወገዳ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው አጠናቀቁ። ግጥም ማንበብ ይወዱ ነበር» ይላል። ይህን ጮክ ብሎ ያነበበልን ጓደኛ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ፣ ከተሰበሰብነው መካከል አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ። ቀልድ ብቻ አይደለም። በአገራችን ለብዙ ሰው የሕይወት ታሪኩ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በሕዝብ ፊት የሚነበበው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በቀብሩ ዕለት። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ ተብሎ የሚጀመረውን ያን ንባብ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው፣ ዜማው በጆሯችን ቀርቷል። የሃያ ዓመት ወጣት ስለ ራሱ ሲጽፍ ሌላ አርአያ ስለሌለው ያንኑ ይወስዳል። ስለዚህ በጓደኛችን አንፈርድም፤ ነገር ግን ሕያው ሰው በሙት ንባብ ሲቀርብ ዝም ማለትም አይገባንም።

የነገሩ ሥር የሚገኘው ከቋንቋችን ነው። እንግሊዛዊው ስለ ራሱ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ሊጽፍ ሲፈልግ «ሂ» ብሎ ይገላገላል፤ ለንጉሡም ለእረኛውም ያው ነው። በአማርኛ ግን እንዲህ ያለ ማምለጫ የለም። ከ«እኔ» የወጣ ሰው ወዲያው ሁለተኛ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ራሱን «እሱ» ይበል ወይስ «እሳቸው»? «እሳቸው» ቢል ለራሱ ክብር ሰጠ ይባላል። ሰው ወንበር ሲለቅለት መቀመጥ ሌላ ነው፤ ራሱ «ወንበር ልቀቁልኝ» ማለት ሌላ ነው። «እሱ» ቢል ደግሞ ለእኩዮቹ ደኅና ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ወይም ተማሪው ያንኑ ወረቀት በጉባኤ ፊት ሲያነብ ግን ታላቁን አንተ ያለ ያህል ይከብደዋል። በዚህ ላይ «ተወለዱ» የብዙም ነው። ከእስቴ የመጡ ሁለት ተማሪዎች ባንድነት በጻፉት ድርሰት ግርጌ «ጸሐፊዎቹ በመካነ ኢየሱስ ተወለዱ» ሲባልና፣ ከገጹ ማዶ የስማዳው ጓደኛችን ብቻውን «ተወለዱ» ሲባል፣ አንባቢው ስንት ሰው እንዳለ በጣቱ ሊቈጥር ነው።

ክርክሩ ሲበረታ አንድ ጓደኛችን «በሦስተኛ መደብ ስለ ራስ መናገር የፈረንጅ ልማድ ነው» አለ። ይህ ስሕተት ነው። በቤጌምድር ምድር ያደገ ሰው ፉከራን ያውቃል። ፎካሪው መሬት እየረገጠ ስለ ራሱ ሲናገር ብዙ ጊዜ «እኔ» አይልም፤ ራሱን በፈረሱ ስም እየጠራ ስለ ሌላ ጀግና እንደሚያወራ ሆኖ ይናገራል። የዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» የዚህ ዓይነት ስም ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የብራና መጻሕፍትን መጨረሻ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። እዚያ ጸሐፊው «ዘጸሐፎ» ተብሎ እንደ ሌላ ሰው ይነሣል፤ ራሱን ኃጥእ እያለ ዝቅ አድርጎ ጸሎት ይለምናል። አንዱ ከ«እኔ» የሚወጣው ሊገን ነው፤ ሌላው የሚወጣው ሊያንስ ነው። እንግዲህ «እሱ» ማለት በራሱ ትሕትናም ትዕቢትም አይደለም። ፎካሪው ግን በሕዝብ መካከል ቆሞ ስለሚታይ ስለ ማን እንደሚናገር የሚያጣው የለም። በወረቀት ላይ ሰውየው አይታይም፤ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በእኛ አስተያየት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ጽሑፉ የሚነበበው በማን አፍ ነው? ለምሳሌ ማኅበራችን የግጥም ምሽት ሲያዘጋጅ፣ መድረክ መሪው ገጣሚውን ለተሰብሳቢው ያስተዋውቃል። በዚያን ጊዜ «እኔ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ቢሰጠው ምን ይሆናል? ወይ እንዳለ አንብቦ ራሱ ወገዳ የተወለደ ይመስላል፤ ወይም በቆመበት ቃል በቃል ሲለውጥ ይደናቀፋል። እዚያ «እሱ» ተገቢ ነው። ሰውየው ራሱ በሚፈርምበት ድርሰት ግርጌ ግን ተናጋሪው ራሱ ስለ ሆነ «እኔ» ማለት ምንም አያሳፍረውም።

«እኔ» ሌላም ሥራ አለው፤ ምስክርነት ነው። ልዑል ራስ እምሩ የጻፉትና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ2002 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ «ካየሁት ከማስታውሰው» ነው። በነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ ያለው «ሁ»ና «ማ» የመጽሐፉን ወሰን ሁሉ ያስታውቃል፤ ያላዩትንና የማያስታውሱትን እንዳንጠይቃቸው አስቀድመው ነገሩን። ይህን በሦስተኛ መደብ «ካዩት ከሚያስታውሱት» ብንለው ምስክሩ ሄዶ ወሬው ብቻ ይቀራል።

ወደ ስማዳው ጓደኛችን እንመለስ፤ ለእኛ ከቀልዱ ይልቅ የከበደን የሱ ጉዳይ ነውና። የጻፈው ድርሰት በ1997 ዓ.ም. ስለ ተጀመረው ሴፍቲኔት ነበር፤ በቀበሌው ማን እንደ ተመዘገበ፣ ማን እንደ ቀረ ይተርካል፤ መዝጋቢዎቹንም ይከላከላል። «ተወለዱ፣ ተማሩ» በሚለው ማስታወሻው ውስጥ ግን የጎደለ ነገር ነበር። «እስቲ በእኔ ጻፈው» ብለን መለስንለት። በማግሥቱ ሲያመጣው እንዲህ ይል ነበር፤ «ወገዳ ተወልጄ አደግሁ። የምጽፈው በቀበሌያችን ያየሁትን ነው። ከመዝጋቢዎቹ አንዱ አጎቴ ነው፤ የእኛም ቤት ተመዝግቦ ነበር።» ለምን መጀመሪያ እንዳልጻፈው ብንጠይቀው «በእሳቸው ስጽፍ ቦታ አልነበረውም» አለን። እውነቱን ነው። «ጸሐፊው አጎት አላቸው» ብሎ የሚጽፍ የለም። የክብር አማርኛ የማዕረግ እንጂ የዝምድና ኪስ የለውም። በ«እኔ» ሲጽፍ ግን አጎቱ ሳይጠራ ገባ፤ አንባቢም ክርክሩን በሚገባው ሚዛን መዘነው።

እንዲህ ስንል ግን መደብ መለወጥ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ጓደኛችን መጀመሪያ የሞከረው «ወገዳ ተወልዶ፣ ትምህርቱን እዚያው ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» የሚል ነበር። የመጨረሻውን ግሥ አስተካክሎ ከበስተኋላ ያሉትን ረሳ። «ተወልዶ» «ተወልጄ» መሆን አለበት፤ «ጨርሶ» «ጨርሼ»። ከሁሉ የሚያደናግረው «ትምህርቱን» ነው፤ «የሱን ትምህርት» ማለትም «ያን ትምህርት» ማለትም ስለ ሆነ ዓይን ሳያርፍበት ያልፋል። «የሚጽፈው»ና «የምጽፈው»ም የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። እኛ ያገኘነው ዘዴ የየቃሉን መጨረሻ በእርሳስ እያሰመሩ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ደግሞ ሁሉም ዐረፍተ ነገር በ«ሁ» ሲዘጋ ጆሮ ይሰለቻል፤ «ተወልጄ፣ ተምሬ፣ ገባሁ» ብሎ ማያያዝ ይሻላል። (በነገራችን ላይ «ተወለድሁ» ከጻፉት ጓደኞች ሁለቱን አንድ የአዲስ አበባ ልጅ «ተወለድኩ» ብሎ አርሟቸው ነበር። ያገራችን ሰው «ሁ» ይላል፤ የቀድሞ መጻሕፍትም ይላሉ። ይተውልን።)

«እሱ» የግድ የሚሆንበትም አለ። የቤተልሔም ድጓ ምስክር የሆኑ አንድ መሪጌታ ለመጽሔታችን ቃላቸውን ሰጥተውን ነበር። ቤተልሔም በጋይንት ምድር የድጓ ማስመስከሪያ መሆኑን የማታውቁ ካላችሁ ዕወቁት። እሳቸው ሲነግሩን «ተማርሁ» እንጂ «መሪጌታ ነኝ» አላሉም፤ ማዕረግን ሌላ ሰው ይጠራል እንጂ ባለቤቱ አይጠራውም። እኛ ስንጽፈው «መሪጌታ» ብለን፣ «ተማሩ» ብለን ጻፍን። እዚህ ላይ «እሳቸው» ያማረው የአዘጋጁ ቃል ስለ ሆነ ነው። ማዕረግ የሚጠራበት ማስታወሻ ከሆነ ሌላ ሰው ይጻፈው፤ መጻፉም ይታወቅ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አልተስማማንበትም። ከነፋስ መውጫ የመጣች ጓደኛችን ድርሰቷን በስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ ፈርማ፣ ስለ ራሷም «ነፋስ መውጫ ተወለድሁ» ብላ ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ ገጹን አንድ ዓይነት ለማድረግ ሲል «ተወለደች» ብሎት ነበርና፣ ከመባዛቱ በፊት አይታ ተቈጣች። «ተወለድሁ» ወንድም ሴትም ያው ነው፤ «ተወለደ»ና «ተወለደች» ግን ይለያያሉ። «ክርክሬን ሳታነቡ ሴትነቴን እንድታነቡ አልፈለግሁም» አለችን። ያው አዘጋጅ ደግሞ «ከዘጠኙ ሴት አንድ አንቺ ብቻ ነሽ፤ እሱም ይታወቅ እንጂ» ይላል። «ተወለዱ» ብንል ጾታው ይሰወራል፤ ቀብሩ ግን ይመለሳል። እኛ የጻፈችውን ሳንነካ አወጣነው፤ የሚመጣውም ቁጥር ላይ እንዲሁ እናደርጋለን። ሌላ ሐሳብ ያለው ለአዘጋጆቹ ጽፎ ያምጣ፤ ከግርጌውም ስለ ራሱ ሦስት መስመር መጨመሩን አይርሳ።