ሹመት ያዳብር፣ ቅሬታዬም አለ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የደረጃ ዕድገት ውጤት ሚዛን አማንም ይሁን ቴፒ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የተወዳዳሪው ስም፣ የትምህርት ዝግጅቱ፣ የሥራ ልምዱ፣ የሥራ አፈጻጸሙ፣ የፈተና ነጥቡ፣ ድምሩ፣ ደረጃው፤ ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ሁለተኛ የወጣውን ሰው ከጥበቃው እስከ ገንዘብ ያዥዋ ያነበዋል። ስለዚህ አሸናፊዋን «እንኳን ደስ አለሽ» ሊል የሚሄድ ተወዳዳሪ አለመወዳደሩን ማስመሰል አይችልም። በስንት ነጥብ እንደተበለጠ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፣ ቡና የምታፈላዋም ታውቃለች።

ይህን የምለው ለቡና ጥራት ቡድን መሪነት ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተወዳድሬ ሁለተኛ ስለወጣሁ ነው። ያኔ ያስተዋልኩት የመጀመሪያ ነገር ጊዜ እንደሌለ ነው። ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ እስከ ረፋዱ ቡና ድረስ ያለችው ጊዜ የራስህ ናት። ከዚያ በኋላ አጽናኞች ይመጣሉ።

አጽናኝ የሚመጣው በደግነት ነው፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። አንዱ «ድሮም የታሰበላት ቦታ ነው» ይልሃል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የየትኛው ዞን ልጅ እንደሆነች ታውቅ የለ?» ይላል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ከተመሠረተ ወዲህ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ታርጫ መዲናነቱን ተካፍለውታል። ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ካፋው፣ ሸካው፣ ዳውሮው፣ ከሌላ አካባቢ መጥቶ የከረመውም በአንድ ቢሮ አብሮ ይሠራል። የዕድገት ውጤት እዚህ ሲለጠፍ ከነጥቡ ይልቅ የትውልድ ቀበሌው ቶሎ ይነበባል። አጽናኙን ቁጭ ብለህ ካዳመጥከው ከሰዓት በኋላ ወደ እሷ ክፍል ስትገባ የምትይዘው ፊት የእሱ ነው። እኔ ቀድሜ ገባሁ። ደስ ብሎኝ አልነበረም፤ ደስ እስኪለኝ ብጠብቅ ኖሮ ግን ወሩ ባለቀ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ምን እንደሚባል አለ። ጆሮዬን የሚያሳክኩኝ አንዳንድ አባባሎች አሉ። «ለእኔ እንደተሰጠ ነው የምቆጥረው» የሚለው ዋነኛው ነው፤ ተናጋሪውም አያምነውም፣ ሰሚዋም። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ሲባልም በጎ ይመስላል እንጂ ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ሞግዚት መሾም ነው። ከሁሉ የሚብሰው በቀልድ ተጠቅልሎ የሚመጣው «የሴቶች ድጋፍ ነጥብ ጠቀመሽ አይደል?» ነው። ከዚህ በኋላ ያለፉት ዓመታት ሰላምታ ሁሉ ዋጋ የለውም።

እኔ «ሹመት ያዳብር» አልኳት፤ ቀጥዬም አንድ ነገር ጨመርኩ። «ማጠቢያ ጣቢያዎቹ እሸቱን በለቀሙበት ቀን ካልፈለፈሉት አንቀበልም ያልሽ ጊዜ ሁላችንም ከባድ ነሽ ብለን ነበር። ይህ ቦታ ለእንዲያ ያለ ሰው ነው።» ነገሩ እውነት ነው። ቀይ እሸት ተለቅሞ በጆንያ ውስጥ ካደረ ይግላል፣ መብላላት ይጀምራል፤ ኋላ በቅምሻ ላይ የሚወጣውን የኮመጠጠ ጠረን ምንም ዓይነት ማጠብ አያስለቅቀውም። በለቀማ ወቅት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መኪና ሙሉ እሸት ይዞ የመጣ ሰብሳቢን መመለስ ቀላል አይደለም። እሷ መልሳለች፤ እኔም እዚያው ቆሜ አይቻለሁ።

ተፎካካሪ ለሚሰጠው ምርቃት ክብደት የሚሰጠው ይኸው ይመስለኛል። ዘመዶቿ ይመርቋታል፣ የግቢው ሰው ሁሉ «ግብዣው የታለ?» ይላታል። ቦታው ምን እንደሚጠይቅ፣ የፈተናው የትኛው ጥያቄ ከባድ እንደነበር፣ እሷ በምን እንደበለጠች በትክክል የሚያውቀው ግን ያንኑ ቦታ የፈለገው ሰው ነው። ያየውን አንድ ሥራ ስሙን ጠርቶ ቢናገር ይበቃል። ሲበዛ ጥርጣሬ ይመጣል። የመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ላይ አበባና ጭብጨባ መደርደሩ የሚያምረው በአካል ከተነገረ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ከሆነ መሸሽ ይመስላል።

በዓለም መድረክ ይህን ያየነው የራሳችን ሰው ባሸነፈ ጊዜ ነው። ግንቦት 15 ቀን 2009 ጄኔቫ ላይ ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው ሲመረጡ በመጨረሻው ዙር 133 ድምፅ አገኙ፤ እንግሊዛዊው ዴቪድ ናባሮ 50። ከምርጫው በፊት ለናባሮ ምክር ይሰጡ የነበሩ አንድ ምሁር ቴድሮስን የኮሌራ ወረርሽኝ ደብቀዋል ብለው በጋዜጣ ከስሰው ነበር፤ ናባሮ ጉዳዩን አላውቅም ብለዋል። እንዲህ ከሻከረ ውድድር በኋላ ተሸናፊው አሸናፊውን በይፋ እንኳን ደስ አለዎት አሉ። ኮቪድ በመጣበት በ2012 ደግሞ ናባሮ ከድርጅቱ ልዩ መልእክተኞች አንዱ ሆነው በቴድሮስ ሥር አገለገሉ። ውስጣቸውን ማን ያውቃል? ለሥራው ግን መንገዱ አልተዘጋም ነበር።

እኛ ዘንድ ያን ያህል ዘመን አይጠበቅም። ቡድን መሪ በሆነች ማግሥት የመስክ ስምሪትህንና የውሎ አበል ቅጽህን የምትፈርመው እሷ ናት። የሸኮ መንገድ በዝናብ ሳይበላሽ ለመውጣት የቸኮለ ባለሙያ ቅጹን በሦስተኛ ሰው እጅ ሲልክ አይቻለሁ፤ ቢሮዋን ላለመርገጥ። ያልተባለች አንዲት «እንኳን ደስ አለሽ» በየሳምንቱ ወለድ ታስከፍለዋለች።

አሁን ሰዎች የሚሳሳቱበትን ልናገር። ብዙዎች እንኳን ደስ አለሽ ካልኩ ቅሬታ ማቅረብ አልችልም፣ ቅሬታ ካቀረብኩም እንኳን ደስ አለሽ ማለት ግብዝነት ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። በሠንጠረዡ ላይ በግል ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሠራሁበት የሥራ ልምድ አልተያዘልኝም ነበር። የግል ድርጅት ልምድ የሚቆጠረው የሥራ ግብር መከፈሉ ሲረጋገጥ ነው፤ የእኔ ማስረጃ ደግሞ ግብሩን የሚጠቅሰው በሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ገጹ ማህደሬ ውስጥ አለ፤ ነጥብ የሞላው ሰው ግን አላገላበጠውም። ይህ ስለ እኔ ማህደር እንጂ ስለ እሷ ችሎታ የሚነሳ ጥያቄ አይደለም። ማመልከቻዬም ይህንኑ ብቻ አለ፤ ስሟ አንድም ቦታ አልተጻፈም። «እሷ አይገባትም» ብሎ የሚጀምር ቅሬታ ምርቃቱን ይሽራል፤ «የእኔ ይህ ገጽ ይታይልኝ» የሚለው አይሽረውም።

ማመልከቻውን ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ከማስገባቴ በፊት ነገርኳት። ከመዝገብ ቤት ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ፤ አልፈርድባትም።

«ያልኩሽ እንዳለ ነው» አልኳት። «ይህ ግን መብቴ ነው።»

ጥቂት ዝም ካለች በኋላ የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀችኝ። በማስታወቂያው ግርጌ ያለውን ቀን ነገርኳት። ኮሚቴው ገጹን አገኘው፣ ልምዴ ተቆጠረ፣ ድምሬ ከፍ አለ፤ በፈተናው በልጣኝ ስለነበር ደረጃው አልተለወጠም። የተስተካከለው ሠንጠረዥ እንደገና ሲለጠፍ በመካከላችን የቀረው ከአንድ ነጥብ ያነሰ ነበር። እሷም ሰሌዳው ሥር ቆማ አነበበችውና «ይኸውልህ፣ ለጥቂት ነው ያመለጥኩህ» አለችኝ፤ የመስክ ቅጼንም እዚያው ቆማ ፈረመችልኝ።