በዋጋ ትመና ላይ አብረን አቤት እንበል

የራቤል ባለሱቆች፣ መርካቶ ንግድ ያላችሁ የግሼ ልጆች፣ በሽርክና ከውጭ ዕቃ የምታስመጡ ወንድሞችና እህቶች፤ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

ጉምሩክ ዕቃችንን ከገዛንበት በላይ ሲተምነው እስካሁን የምናደርገው አንድ ነገር ነው። ትራንዚተሩ «መጋዘን ተቀምጦ ኪራይ ከሚቆጥር ክፈሉና አውጡት» ይለናል። እንከፍላለን። ልዩነቱን ዋጋው ላይ እንጨምራለን። ዕቃው መሐል ሜዳን አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ ያንን ልዩነት የሚከፍለው ከቆላና ከደጋ ገበያ የወጣው ገበሬ ነው። ይህ ልማድ ይቁም። የሚቆመው ግን በአንድ ሰው ጩኸት ሳይሆን አብረን በምንይዘው ፋይል ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የዕቃ ዋጋ የሚተመንበትን ቅደም ተከተል አስቀምጧል። መጀመሪያ የሚታየው ለሻጩ የተከፈለው ወይም የሚከፈለው ዋጋ ነው፤ በዚያ ላይ ዕቃው እስከ አገር መግቢያ ድረስ የፈጀው ማጓጓዣና መድን ይጨመራል። ጉምሩክ ይህን ዋጋ ለመጠራጠር ምክንያት ሲኖረው ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ በቅርብ ጊዜ የገባ፣ በሁሉም ነገር አንድ ዓይነት የሆነ ዕቃ ምን ተተምኖ ነበር ብሎ ይጠይቃል። እሱ ካልተገኘ ተመሳሳይ ዕቃ ይታያል። ከዚያ በኋላ አገር ውስጥ ከሚሸጥበት ዋጋ ወደ ኋላ ማስላት፣ ከማምረቻው ወጪ መነሳትና ሌላ ምክንያታዊ ዘዴ ይከተላሉ።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ ልብ በሉ። የእኔ ዕቃ የሚመዘነው ከእኔ በፊት ባስገባው ሰው ዕቃ ነው። የተጋነነውን ዋጋ ተቀብሎ በዝምታ የከፈለ ነጋዴ የራሱን ገንዘብ ብቻ አያጣም፤ መዝገቡ ውስጥ የሚቀረው ቁጥር ነገ እኔን ለመጠራጠር መነሻ ይሆናል። እውነተኛ ዋጋውን በማስረጃ ያስጸደቀ ነጋዴ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው መንገድ ይከፍታል። በዚህ ጉዳይ አንዳችን የሌላችን ማስረጃ ነን።

በአንድ ምሳሌ እንየው። አምስት ባለሱቆች ገንዘብ አዋጥተው 2,000 ፔርሙስ ከቻይና አስመጡ እንበል። ግዢው፣ ማጓጓዣውና መድኑ ተደምሮ 1,000,000 ብር ሆነ፤ አንዱ 500 ብር ማለት ነው። ሒሳቡ እንዲታየን የቀረጥ መጣኔውን 20 በመቶ ብለን እንያዝ። ቀረጡ 200,000 ብር ይሆናል። ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀረጡ ከተደመረበት ዋጋ ላይ 15 በመቶ ስለሆነ 180,000 ብር ነው። ሱር ታክስ ደግሞ ሁሉም ከተደመረ በኋላ 10 በመቶ ስለሚታሰብ 138,000 ብር ይመጣል። ሌሎች ክፍያዎችን ትተን ድምሩ 518,000 ብር ነው። አሁን ጉምሩክ አንዱን ፔርሙስ 800 ብር ነው ብሎ ቢተምነው ይኸው ድምር 828,800 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ 310,800 ብር፣ በአንድ ፔርሙስ 155 ብር ከ40 ሳንቲም ነው። ግብር በግብር ላይ ስለሚታሰብ መነሻው ላይ የተሳተው እስከ መጨረሻው ይጎተታል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሸክሙ ከብዷል። በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሲሆን፣ በአንድ ዕቃ ላይ በስህተት የተጨመረች ሁለት ዶላርም በዚያው ልክ አብጣለች።

ስህተቱ ከየት ይመጣል? ፔርሙስ ውስጡ ብርጭቆ የሆነ አለ፤ ውስጡ የማይዝግ ብረት የሆነም አለ። ሁለቱም በታሪፍ መጽሐፉ በአንድ አንቀጽ፣ በ9617 ሥር ይገባሉ፤ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ኢንቮይሱ «ፔርሙስ፣ 2,000 ፍሬ» ብቻ የሚል ከሆነ መርማሪው የብርጭቆውን በብረቱ ዋጋ ቢለካው ጥፋቱ የእኛም ነው። ስለዚህ ሻጩ ሞዴሉን፣ ሊትሩንና ውስጡ ከምን እንደተሠራ ኢንቮይሱ ላይ እንዲጽፍ ከማዘዛችን በፊት እንጠይቅ። ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት ማጓጓዣ ሁለት ጊዜ መቆጠሩ ነው። የሻጩ ዋጋ የመርከቡን ኪራይና መድኑን አካቶ ሳለ እንደገና ይደመርበታል። ይህን ለማወቅ የሽያጩን ውልና ዲክላራሲዮኑን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይበቃል።

ከተመሳሳይ ዕቃ ጋር አነጻጽረናል ሲሉን የምንጠይቀው ይህን ነው። የተነጻጸረው ዕቃ የመጣው ከዚያው አገር ነው? በዚያው ሰሞን ነው የገባው? ሁለት ሺህ ፍሬ የገዛንበት ዋጋ ሃምሳ ፍሬ ከገዛ ሰው ዋጋ ጋር ተለክቶብን እንደሆነስ? በየትኛው ዘዴ እንደተተመነ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቅ፤ በቃል የተነገረ ምክንያት ይግባኝ ላይ አይጠቅመንም።

አቤቱታው መጀመሪያ የሚቀርበው ጉምሩክ ውስጥ ላለው አቤቱታ አጣሪ ነው። በዚያ ያልረካ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፍርድ ቤት የሕግ ስህተትን የሚያይ ነው። ስለዚህ የባንክ ክፍያ ደረሰኙ፣ ውሉ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፍነውና የዕቃው መግለጫ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፋይሉ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ በኋላ አመጣለሁ የሚባል ማስረጃ ሰሚ አያገኝም። የይግባኝ ቀን አጭር ነውና ውሳኔው የደረሰን ዕለት ቀኑን ጽፈን እንቁጠር። ኪራይ የሚያስጨንቀን ከሆነ ዕቃው በማስያዣ እንዲለቀቅልን በጽሑፍ እንጠይቅ እንጂ የተጋነነውን ዋጋ «ተስማምቻለሁ» ብለን አንፈርም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ቀረጥ ለማሳነስ የሐሰት ኢንቮይስ የሚያሠራ፣ ግማሹን በባንክ ግማሹን በጥቁር ገበያ የሚከፍል ሰው ከዚህ ጥሪ ውጭ ነው። መርማሪው የእውነተኛውን ነጋዴ ወረቀት እንዳያምን ያደረገው እሱ ነው። እኛ መካከል ቢገባ የሁላችንንም ፋይል ያበላሻል።

ይግባኙን ማቅረብ የሚችለው ዲክላራሲዮኑ በስሙ የተሞላለት አስመጪ ስለሆነ ራቤል ተቀምጠን የምንችለው ሌላ ሥራ አለ። ገንዘብ ስናዋጣ የሰነዶቹ ቅጂ እንዲሰጠንና የተጋነነ ትመና ሲመጣ ይግባኝ እንዲል ከአስመጪው ጋር በጽሑፍ እንዋዋል። የጠበቃውንና የሒሳብ ባለሙያውን ወጪ በጋራ እንሸፍን። እውነተኛ ዋጋቸው የጸደቀላቸውን ዲክላራሲዮኖች በአንድ መዝገብ እንሰብስብ። እቁባችን ጸሐፊ አለው፤ መዝገቡን እሱ ይያዝ። ተደጋጋሚውን ስህተት ደግሞ በንግድ ምክር ቤት በኩል ለጉምሩክ ኮሚሽን በአንድ ደብዳቤ እናቅርብ፤ የአምስት ነጋዴ ፋይል አንድ ዓይነት ስህተት ካሳየ የአንድ ሰው ቅሬታ ነው ተብሎ አይታለፍም።

በመጪው የእቁብ ቀን ባለፈው ዓመት ያስመጣችሁትን ዕቃ ኢንቮይስ፣ የባንክ ደረሰኝና ዲክላራሲዮን ይዛችሁ ኑ። የጠፋባችሁ ካለ ከትራንዚተራችሁ ቅጂ ጠይቁ። የይግባኝ ቀኑ ገና ያላለፈበት ፋይል ያለው ሰው ቀድሞ ይናገር፤ ከእሱ እንጀምራለን።