የዋንጫው ዝርዝርና የአባባ ዲከረንስ

ባለፈው እሁድ እህቴ ከአሜሪካ ደውላ ልጇን ከሰሰችብኝ። ልጅቷ ዘንድሮ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ትጨርሳለች፤ ቀጥላ ሕግ መማር ትፈልጋለች። እዚያ አገር ሕግ የሚገባው እንደኛ በቀጥታ ከሁለተኛ ደረጃ ሳይሆን አንድ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው። ለማመልከት ከውጤትና ከመግቢያ ፈተና ሌላ፣ አመልካቹ ስለ ራሱ የሚጽፈው ሁለት ገጽ ገደማ ጽሑፍ አለ። የእህቴ ልጅ ከዚህ ጽሑፍ ላይ የክርክር ውድድር ዋንጫዎቿን በሙሉ አወጣችና በምትኩ የአባባን የዲከረንስ ጠብ ጻፈች። «የቤታችንን ጉድ ለፈረንጅ!» አለች እህቴ።

እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ከእህቴ ጋር ነበርኩ። በኋላ ልጅቷ ሁለቱንም ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። የፊተኛው «አንደኛ ወጣሁ፣ ምርጥ ተናጋሪ ተባልኩ» እያለ ይወርዳል። ይኼ ሁሉ ግን አብሮ በሚያያዘው ሲቪ ላይ ተጽፏል። የሚያነበው ሰው ማሸነፏን ሁለቴ ይሰማል፤ እንዴት እንደምታስብ ግን አንዴም አያይም።

ሁለተኛው ጽሑፍ እንጅባራ ዳር ካለው ማሳችን ይጀምራል። አባባ እንደ አገሩ ሰው ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ ተከሉ፤ እስከ ድንበሩ ጫፍ ድረስ። ዛፉ ሲያድግ የጎረቤታችንን ድንች የጠዋት ፀሐይ ከለከለው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ልጅቷ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቡና እያቀረበች ትሰማለች። «መሬቱ በአባባ ደብተር ነው፤ ታዲያ ምን አጠፉ?» ብላ ነበር ያሰበችው።

በማግስቱ ማሳው ድረስ ሄዳ ጥላው የደረሰበትን በእርምጃ ለካች። ያኔ ነው ሁለት ጥያቄ መሆኑ የገባት። ደብተሩ መሬቱ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ጥላው የት ድረስ መሄድ እንደሚችል ግን አይናገርም። ሽማግሌዎቹም ዛፉ ይቆረጥ አላሉም። ዲከረንስ ለከሰል እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል፤ በሁለት ዓመቱ ቢቆረጥ የአባባ ልፋት ሁሉ ይቀራል። ስለዚህ አባባ ዛፉ እስኪደርስ ለጎረቤታችን ድንች እንዲሰጡ፣ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ከድንበሩ ራቅ አድርገው እንዲተክሉ ተፈረደ።

ልጅቷ እዚህ ላይ ፍርዱን አመስግና ብታቆም ደስ የሚል ተረት ይሆን ነበር። እሷ ግን ትጠይቃለች፦ ጎረቤታችን ከዚያች ማሳ ሌላ ባይኖራትስ? ድንቹን ከሌላ ሰው እጅ መጠበቅና ራስ ማምረት እኩል ነው? ፍርዱ ያኔም ልክ ይሆን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም ትላለች። የራሷን አያት ጥፋት ሳትሸፍን፣ ሳታዋርዳቸውም።

ማታ ለአባባ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። እህቴ በስልክ ትሰማለች። አባባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም አሉ።

«ጥላው ስንት እርምጃ ነው ያለችው?»

«አሥር።»

«ስድስት ነው። አርሚው በላት።»

እህቴ «ይላካል ማለት ነው?» አለች።

«ስድስት ካለች ይላክ።»