ትርፉ የቡናው ነው ወይስ የአመዘጋገቡ?

ዩኒየኖች፣ ትርፍ ከማከፋፈላችሁ በፊት ይቺን ሂሳብ እዩልኝ።

ለስሌት እንዲመች፣ 100 ፈረሱላ ቡና አንዱን በ6,000 ብር ገዛን እንበል። ዋጋ ጨመረና ሌላ 100 በ7,000 ገዛን። ከዚያ 100 ፈረሱላ በ7,500 ሸጠን 750,000 ብር ገባ።

በፊፎ፣ ማለትም ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል ካልን፣ ትርፉ 150,000 ነው። በአማካይ፣ በ6,500 ከያዝነው 100,000 ይሆናል። በስታንዳርድ፣ ዓመቱ ሲጀምር 6,200 ብለን ወስነን ከነበረ፣ 130,000 ያሳያል። ግን የሁለቱ ግዢ ከስታንዳርዱ በ60,000 በልጧል፤ ያ ልዩነት በሙሉ የዘንድሮ ወጪ ከተደረገ የሚቀረው 70,000 ነው።

ቡናውም ብሩም ያው ነው። የተለየው መጋዘን ለቀረው ቡና የተሰጠው ዋጋ ነው፤ እሱ ሲሸጥ ሂሳቡ ይካካሳል።

ችግሩ ከዚያ በፊት ሲከፋፈል ነው። የፊፎን 150,000 ለአባላት ከሰጣችሁ እጃችሁ ላይ 600,000 ይቀራል። የሸጣችሁትን በ7,000 ለመተካት ግን 700,000 ያስፈልጋል። ቀሪው ብድር ነው።

እኔ ቡናው መጋዘን ውስጥ ከተደባለቀ አማካይን እመርጣለሁ። እሱም ቢሆን 50,000 ያጎድላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የመተኪያውን ብር ለዩ፣ ከዚያ አከፋፍሉ።