ከምስሉ ውጭ የቀረው 80,000 ብር

ከግምጃ ቤት ቅርንጫፍ እንጅባራ ላለው ሥራ አስኪያጅ የሽያጭ ማጠቃለያ በኢሜይል የሚልክ ሠራተኛ፣ ያየውን ያህል ያላየውንም መጻፍ አለበት ባይ ነኝ። ከዳሽቦርዱ የተነሳው ስክሪንሾት ድንች 210,000፣ ስንዴ 130,000፣ ገብስ 60,000 ብር፣ ከሥር ደግሞ ጠቅላላ ድምር 480,000 ያሳያል እንበል። የሚታዩት ሲደመሩ 400,000 ብቻ ናቸው። ሠንጠረዡ ሲንሸራተት የድምሩ ረድፍ ባለበት ስለሚቆይ፣ የቀሩት ረድፎች ከምስሉ ውጭ ሆነዋል ማለት ነው። ወቅቱ የማር ነው ብሎ 80,000ውን ለማር መስጠት ያጓጓል፤ ግምት ግን ሪፖርት አይደለም። ቀኑም ከላይ ከተቆረጠ፣ ኅዳር ይሁን ኖቬምበር አይታወቅም፤ ኅዳር በአብዛኛው ኖቬምበር 10 ስለሚገባ ልዩነቱ የዘጠኝ ቀን ገበያ ነው። እኔ ብሆን ይህን ብቻ እጽፋለሁ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በምስሉ ላይ ጠቅላላ ሽያጩ 480,000 ብር ነው፤ ከሚታዩት ድንች በ210,000 ይመራል። የ80,000 ብሩ ዝርዝርና የሪፖርቱ ቀን ተቆርጠዋል። ሙሉውን ከሲስተሙ አውጥቼ እስክልክልዎ ካለፈው ወር ጋር እንዳያነጻጽሩት እጠይቃለሁ።» ከዚህ የረዘመ ኢሜይል ሥራ አስኪያጁ አያስፈልገውም።